አፍንጫው ወደ መሬት ሲዞር

በጌም ውስጥ ስላለ ዕቃ ሁሉ፣ አውሮፕላንም ይሁን በር፣ ካሜራም ይሁን የተወረወረ ጦር፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ነገር ማወቅ አለበት፤ የት እንዳለና ወዴት እንደዞረ። የት እንዳለ ማወቁ አያስቸግርም። ወደ ቀኝ ስንት፣ ወደ ላይ ስንት፣ ወደ ፊት ስንት ተብሎ ሦስት ቁጥር ይመዘገብና ያልቃል። ሦስት ሜትር ወደ ቀኝ ሄዶ ሁለት ሜትር ወደ ፊት የተራመደ ሰውና መጀመሪያ ወደ ፊት ተራምዶ ኋላ ወደ ቀኝ የሄደ ሰው እዚያው አንድ ቦታ ይገናኛሉ። የመዞር ነገር ግን እንዲህ አይገራም።

አንድ መጽሐፍ ሽፋኑ ወደ ላይ፣ ጽሑፉ ለአንባቢው ቀና ሆኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። በመጀመሪያ ከአንባቢው የራቀውን ጠርዝ ወደ ላይ አንስቶ ማቆም፣ ቀጥሎ የቆመውን መጽሐፍ በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ሩብ ዙር ማዞር ነው። መጽሐፉ እንደቆመ ሽፋኑ ወደ ግራ ግድግዳ ይዞራል፤ ለአንባቢው የሚታየው የገጾቹ ጠርዝ ብቻ ነው። አሁን ያንኑ ሥራ በተገላቢጦሽ መሥራት ይቻላል። መጽሐፉ ጠረጴዛው ላይ እንደተኛ በቅድሚያ ሩብ ዙር ይዞራል፣ ከዚያ የራቀው ጠርዝ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ሽፋኑ ወደ አንባቢው ያፈጥጣል፣ ጽሑፉ ግን ተጋድሟል። ሁለቱም ጊዜ የተሠራው ሥራ ያው ነው፤ ቅደም ተከተሉ ብቻ ተለወጠ፣ ውጤቱም ተለወጠ። ዙረትን በቁጥር ለመጻፍ የተፈለሰፉት ዘዴዎች ሁሉ መጋፈጥ ያለባቸው ይህንኑ ጠባይ ነው።

የቆየውና ለሰው የሚቀርበው ዘዴ በስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ በሌዎንሃርድ ኦይለር ስም የሚጠራው ነው። ማንኛውም አቀማመጥ በሦስት ተከታታይ ዙረቶች ይገለጻል። ለአውሮፕላን ሲነገር አንዱ እንደ ቆመ ምሰሶ በሚታሰብ ዘንግ ዙሪያ መዞር ነው፤ አፍንጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲሄድ ማለት ነው። ሁለተኛው ከክንፍ እስከ ክንፍ በሚያልፈው ዘንግ ላይ አፍንጫን መድፋት ወይም ማቅናት፣ በአጭሩ ማጎንበስ ነው። ሦስተኛው ከአፍንጫ እስከ ጅራት ባለው ዘንግ ላይ ወደ ጎን መጋደል ነው። ዩኒቲ የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ጌም ኢንጂን ማጎንበስን x፣ መዞርን y፣ መጋደልን z ብሎ ይጽፋቸዋል። የሚፈጽማቸው ደግሞ መጀመሪያ መጋደልን፣ ቀጥሎ ማጎንበስን፣ በመጨረሻ መዞርን እያደረገ ነው። ሌሎች ኢንጂኖች ሌላ ቅደም ተከተል ሊይዙ ይችላሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው ሞዴል ሲሻገር ዕቃው እንግዳ በሆነ አኳኋን ተጣሞ የሚመጣበት አንዱ የተለመደ ምክንያትም ይኸው ነው፤ ሦስቱ ቁጥሮች ትክክል ናቸው፣ የሚነበቡበት ተራ ግን ተለውጧል።

ይህን በዓይነ ኅሊና ለማየት አንዱ በአንዱ ውስጥ የተሰካ ሦስት ቀለበት ማሰብ ይበቃል። የውጭው ቀለበት መዞርን፣ የመካከሉ ማጎንበስን፣ የውስጡ መጋደልን ይይዛል፤ አውሮፕላኑ ከውስጠኛው ላይ ተጣብቋል። የውጭው ሲንቀሳቀስ ሁሉንም ይዞ ይሄዳል፣ የውስጡ ሲንቀሳቀስ ግን አውሮፕላኑን ብቻ ያዞራል። እንዲህ ያለው የቀለበት ማቀፊያ ጊምባል ይባላል። አውሮፕላኑ አግድም እስካለ ድረስ ሦስቱ ዘንጎች ሦስት የተለያዩ አቅጣጫዎችን ስለሚያመለክቱ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው አፍንጫው 90 ዲግሪ ተደፍቶ ቀጥ ብሎ መሬትን ሲያይ ነው። የመካከሉ ቀለበት ሩብ ዙር ዞሮ የውስጡን ቀለበት ዘንግ ከውጭው ጋር አንድ መስመር ላይ ያስተኛዋል። ከዚያ በኋላ መዞርም መጋደልም አንድ ሥራ ይሆናሉ፤ አውሮፕላኑ አፍንጫው ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት ይሾራል እንጂ ሌላ ነገር አይመጣም። ሦስት ቁጥር ተጽፎ ሥራ ላይ ያለው ሁለቱ ብቻ ነው። ጊምባል ሎክ፣ የጊምባል መቆለፍ፣ የሚባለው ይህ ነው።

በዩኒቲ ቅደም ተከተል ስሌቱ ሲሠራ x ልክ 90 በሆነ ጊዜ የቀሩት ሁለት ቁጥሮች ለየብቻ ዋጋቸውን ያጣሉ፤ የሚቆጠረው y ሲቀነስ z ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የሚከተሉት ሦስት መስመሮች፣ x፣ y እና z በቅደም ተከተል ሲነበቡ፣ ሦስት የተለያዩ አቀማመጦች ይምሰሉ እንጂ አንድ ናቸው።

```
(90, 30,  0)
(90, 50, 20)
(90, 70, 40)
```

ሦስቱም ጋ ልዩነቱ 30 ነው። ለማረጋገጥ የሚፈልግ ሰው ዩኒቲ ውስጥ አንድ ኪዩብ ፈጥሮ በኢንስፔክተሩ x ላይ 90 ይጻፍና y ን፣ ከዚያም z ን በየተራ በማውስ ይጎትት። ኪዩቡ በሁለቱም የሚሾረው በዚያው በአንዱ ዘንግ ላይ ነው፤ በአንዱ ቁጥር ወደ አንድ ጎን፣ በሌላው ወደ ተቃራኒው።

ለመሆኑ ምን ተቆለፈ? አውሮፕላኑ ራሱ አልተቆለፈም። በእጅ የተያዘ የአሻንጉሊት አውሮፕላን አፍንጫው ወደ መሬት ቢዞር ከዚያ ወደፈለጉት አቅጣጫ መልሶ ማንሣት ይቻላል። የጎደለው ስያሜው ነው። ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ስላለች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ እኩለ ቀን ላይ አናት ትመታለች። በዚያ ቀን ጠዋት ፀሐይ በየት በኩል ናት ቢባል መልሱ በምሥራቅ ነው፣ ከሰዓት በኋላ በምዕራብ። ልክ አናት ላይ ስትሆንስ? ጥያቄው መልስ የለውም፤ በየትም በኩል አይደለችም። ፀሐይዋ ግን አልቆመችም፣ አልዘለለችምም፤ እንደወትሮዋ በእርጋታ አለፈች። የዘለለው በቃል የተሰጣት አቅጣጫ ነው። ፀሐይን ተከትሎ የሚዞር፣ አንዱ ሞተር ዙሪያውን የሚያዞረው፣ ሌላው ቀና የሚያደርገው የሶላር ሰሌዳ በዚያች ቅጽበት ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ባንዴ መሽከርከር ይኖርበታል። ጊምባል ሎክም እንዲሁ ነው። አፍንጫው ከቀጥታ ቁልቁል አንድ ዲግሪ ያህል ብቻ ጎን ብሎ ቢያልፍ፣ ዕቃው ያደረገው ትንሽ እንቅስቃሴ ሲሆን y እና z ግን ባንድ ጊዜ ብዙ አሥር ዲግሪዎችን መዝለል አለባቸው። ስለዚህ ችግሩ 90 ላይ ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፤ 85ም 88ም ላይ ቁጥሮቹ መቅበጥበጥ ይጀምራሉ።

ቀለበቶቹ እውነተኛ ብረት በሆኑበት ቦታ መቆለፉ የምር አደጋ ነበር። ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ መንኮራኩሮች አቅጣጫቸውን የሚያውቁት በሦስት ጊምባል በታቀፈ መሣሪያ ነበር። የመካከሉ ጊምባል 70 ዲግሪ ሲያልፍ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል፤ 85 ዲግሪ ሲደርስ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን ባለበት ያቆመዋል፣ ከዚያ በኋላ በከዋክብት እያዩ አቅጣጫን እንደገና ማስተካከል ግድ ነው። ከአፖሎ በፊት የነበሩት የጄሚኒ መንኮራኩሮች አራተኛ ጊምባል ስለነበራቸው ይህ ሥጋት አልነበረባቸውም። በ1969 የአፖሎ 11 ዋና መንኮራኩር አብራሪ የነበረው ማይክል ኮሊንስ ለገና ስጦታ አራተኛ ጊምባል ቢልኩለት ደስ እንደሚለው በሬዲዮ የቀለደው ለዚህ ነው።

በኮምፒውተር ውስጥ የሚቆለፍ ብረት የለም። ፕሮግራመሮች ስለ ጊምባል ሎክ አብዝተው ያወራሉ፤ የኦይለር ማዕዘኖች በየቀኑ የሚያደርሱት ጉዳት ግን ሌላ ነው፣ እሱም የሚገለጠው ከአንድ አቀማመጥ ወደ ሌላው በለስላሳ መሸጋገር ሲፈለግ ነው። አኒሜተሩ መነሻውንና መድረሻውን ይሰጣል፣ መሃሉን ኢንጂኑ ይሞላል። ይህ ሥራ ኢንተርፖሌሽን ይባላል። ለቦታ ሲሆን ሁለቱን ነጥቦች በቀጥታ መስመር ማገናኘት ነው። ያንኑ ዘዴ በሦስቱ ማዕዘኖች ላይ በየግላቸው ማዋል ግን ጉድ ያመጣል። ቀላሉ ምሳሌ 350 ዲግሪ ከዞረ አቀማመጥ ወደ 10 ዲግሪ መሄድ ነው። በእውነቱ የሚቀረው 20 ዲግሪ ብቻ ነው፤ የ350 እና የ10 አማካይ ግን 180 ስለሆነ ገጸ ባሕርዩ ጥቂት ወደ ቀኝ ከማለት ይልቅ ጀርባውን ሰጥቶ ሙሉውን ይዞራል።

ይሄኛው በማንኛውም ጀማሪ ዓይን ስለሚታይ ቶሎ ይታረማል። የባሰው የማይታወቀው ነው። አውሮፕላኑ ከ (0, 0, 0) ተነሥቶ ወደ (90, 90, 90) ይሂድ እንበል። y ሲቀነስ z ዜሮ ስለሆነ መድረሻው በእውነቱ ከ (90, 0, 0) ጋር አንድ ነው፤ ማለትም አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ መድፋት ብቻ ነው የተፈለገው። ቁጥሮቹ በየግላቸው ሲሞሉ ግን መሃል መንገድ ላይ (45, 45, 45) ይሆናሉ። በዚያች ቅጽበት አፍንጫው ግማሽ መንገድ ተደፍቷል፣ ይህ ልክ ነው፤ ነገር ግን 45 ዲግሪ ወደ ጎን ዞሯል፣ በዚያ ላይ 45 ዲግሪ ተጋድሏል። መነሻውም መድረሻውም ትክክል ሆኖ መሃሉ ላይ አውሮፕላኑ እንደ ሰካራም ይወላገዳል። አኒሜተሩ ሁለቱን ጫፎች ደጋግሞ ቢመረምር አንድም ስሕተት አያገኝም።

መፍትሔው ኮምፒውተር ከመፈጠሩ ከመቶ ዓመት በፊት ተገኝቶ ነበር። የአየርላንዱ ዊልያም ሮዋን ሃሚልተን ሁለት ክፍል ያላቸው ኮምፕሌክስ ቁጥሮች በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ዙረትን ቀለል አድርገው እንደሚገልጹ ያውቅ ስለነበር ለሦስት አቅጣጫ ደግሞ ሦስት ክፍል ያላቸው ቁጥሮችን ለማግኘት ዓመታት ደከመ። ማባዛቱ አልገጥም አለው። ጥቅምት 16 ቀን 1843 በአውሮፓ አቆጣጠር ከባለቤቱ ጋር በደብሊን የሮያል ቦይ ዳር ሲሄድ የሚያስፈልገው ሦስት ሳይሆን አራት ክፍል መሆኑ ብልጭ አለለት፤ እዚያው በነበረው ድልድይ ድንጋይ ላይ በቢላዋ ቀመሩን ቀረጸው።

```
i² = j² = k² = ijk = −1
```

እነዚህ ባለ አራት ክፍል ቁጥሮች ኳተርኒየን ይባላሉ። ጌም የሚሠራ ሰው የድልድዩን ቀመር በቃሉ መያዝ አያስፈልገውም። ማወቅ ያለበት አራቱ ቁጥሮች ምን እንደያዙ ነው፣ ለዚህም ኦይለር ራሱ ያረጋገጠው አንድ ነገር ይረዳል፤ የትኛውም የአቀማመጥ ለውጥ፣ የቱንም ያህል የተወሳሰበ ይምሰል፣ በአንድ ዘንግ ዙሪያ በአንድ ጊዜ ዙረት ሊደረስበት ይችላል። ሦስት ጊዜ መዞር አያስፈልግም። ኳተርኒየን የሚመዘግበው ያንን ዘንግና ያንን አንድ ማዕዘን ነው። የማዕዘኑ ግማሽ ይወሰዳል፤ ኮሳይኑ w በሚባለው ቦታ ይቀመጣል፣ ሳይኑ ደግሞ ከዘንጉ አቅጣጫ ጋር ተባዝቶ x፣ y እና z ይሆናል። ግማሹ የሚወሰደው ኳተርኒየን አንድን ነጥብ ሲያዞር ከግራም ከቀኝም ሁለት ጊዜ ስለሚባዛበት ነው፤ እያንዳንዱ ማባዛት ግማሹን ያዋጣል። በቆመው ዘንግ ዙሪያ 90 ዲግሪ ለመዞር የ45 ዲግሪ ሳይንና ኮሳይን ይወሰዳል።

```
x = 0   y = 0.7071   z = 0   w = 0.7071
```

አራቱ በየራሳቸው ተባዝተው ሲደመሩ ምንጊዜም 1 መሆን አለባቸው። እዚህ ላይ ቁጥሮቹ ዲግሪ አለመሆናቸውን ልብ ማለት ያሻል። በኳተርኒየኑ x ላይ 90 ብሎ የሚጽፍ ጀማሪ ብዙ ነው፤ ውጤቱም ትርጉም የለሽ ነው። አራቱንም ዜሮ ማድረግም እንዲሁ ስሕተት ነው፤ ያልዞረ ዕቃ ኳተርኒየን w ላይ 1 አለው።

ኳተርኒየን የቀለበት ተራ ስለሌለው የሚገጣጠሙ ዘንጎች የሉትም፣ ስለዚህ አይቆለፍም። ወደ መሬት ያፈጠጠ አውሮፕላን ለእርሱ እንደማንኛውም አቀማመጥ ነው። የመጽሐፉን ጠባይ ግን አይሽርም። ሁለት ዙረቶችን ማያያዝ ሁለት ኳተርኒየኖችን ማባዛት ሲሆን ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ውጤቱም ይለወጣል። በዩኒቲ የአሁኑ አቀማመጥ ከግራ፣ ጭማሪው ከቀኝ ሆኖ ሲባዛ ዕቃው በራሱ ዘንግ ይዞራል፤ ሲገለበጥ በዓለሙ ዘንግ ይዞራል። አንድ መርከብ መሪው ሲጠመዘዝ በማይጠበቅ ዘንግ ከዞረ መጀመሪያ የሚመረመረው ይህ ነው።

ኳተርኒየንን ወደ ኮምፒውተር ሥዕል ያመጣው በ1985 ኬን ሹሜክ የተባለው ባለሙያ በሲግራፍ ጉባኤ ያቀረበው ጽሑፍ ነው። በዚያ ጽሑፍ ስለርፕ የተባለው የመሃል መሙያ ዘዴ ተዋወቀ። ሐሳቡ ከሉል ጋር ይመሳሰላል። ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን በሉል ላይ ክር ቢወጠር ክሩ ወደ ሰሜን አጋድሎ ሜዲትራኒያንን ያቋርጣል፤ በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ጎባጣ ቢመስልም አጭሩ መንገድ እርሱ ነው። የአራቱ ቁጥሮች ካሬ ድምር ሁልጊዜ 1 ስለሆነ ኳተርኒየኖች ሁሉ በአንድ ባለ አራት አቅጣጫ ሉል ገጽ ላይ ይቀመጣሉ። ስለርፕ በሁለቱ መካከል ያንን ክር ወጥሮ በእኩል ፍጥነት ይራመድበታል። አስቀድሞ የተወላገደው አውሮፕላን በስለርፕ ሲሄድ መሃል ላይ ልክ 45 ዲግሪ ተደፍቶ፣ ሳይዞርና ሳይጋደል ይገኛል።

ሥራው በኮድ ሲጻፍ አጭር ነው። በሚከተለው a እና b መነሻና መድረሻ ናቸው፣ t ከ0 እስከ 1 የሚሄድ የመንገዱ ክፍልፋይ ነው።

```
d = dot(a, b)
if d < 0:  b = -b;  d = -d
if d > 0.9995:  return normalize(lerp(a, b, t))
th = acos(d)
return (sin((1-t)*th)*a + sin(t*th)*b) / sin(th)
```

ሁለተኛው መስመር ተራ ይመስላል፤ ብዙ ሰው በገዛ እጁ ስለርፕ ሲጽፍ የሚረሳው ግን እርሱን ነው። ማዕዘኑ በግማሽ ስለሚመዘገብ አንድ አቀማመጥ ሁለት ኳተርኒየን አለው፤ አንዱ የሌላው አሉታዊ ነው። የ10 ዲግሪ ዙረት w 0.996 ሲሆን የ350 ዲግሪው −0.996 ነው። ምልክቱ ሳይስተካከል ከአንዱ ወደ ሌላው ከተሄደ ዕቃው 20 ዲግሪ መዞር ሲገባው 340 ዲግሪውን ይሄዳል፤ የተሸሸው የኦይለር ስሕተት በጓሮ በር ተመልሶ ይመጣል። ምልክቱ ታላቅ ነው፤ ካሜራው አብዛኛውን ጊዜ በደንብ ይሠራና አልፎ አልፎ፣ በተወሰነ አቅጣጫ ላይ ብቻ፣ ያለ ምክንያት ሙሉ ዙር ይሽከረከራል። ሦስተኛው መስመር ደግሞ ሁለቱ አቀማመጦች እጅግ ሲቀራረቡ በዜሮ አካባቢ ከማካፈል ያድናል።

በዚያ ሦስተኛ መስመር ላይ ያለው ርካሽ ዘዴ፣ በቀጥታ ሞልቶ ርዝመቱን ወደ 1 መመለስ፣ ንለርፕ ይባላል፤ ለብቻውም ብዙ ይሠራበታል። መንገዱ ከስለርፕ ጋር አንድ ነው፣ ፍጥነቱ ብቻ እኩል አይደለም፤ ጫፎቹ ላይ ይዘገያል፣ መሃል ላይ ይፈጥናል። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? የ90 ዲግሪ ዙረት ሩቡ ላይ ሲደርስ ስለርፕ 22.5 ዲግሪ፣ ንለርፕ 21.6 ዲግሪ ላይ ናቸው፤ የማንም ዓይን አይለየውም። ወደ 180 ዲግሪ በተጠጋ ዙረት ግን ስለርፕ 45 ሲደርስ ንለርፕ ወደ 37 ገደማ ላይ ነው፣ ይህ ይታያል። በሰከንድ ብዙ ጊዜ፣ በጥቃቅን ደረጃ ለሚንቀሳቀሱ የገጸ ባሕርይ አጥንቶች ንለርፕ ይበቃል፤ ረጅም የካሜራ ጉዞ ላይ ስለርፕ ይሻላል።

ኳተርኒየን ይዘው እንኳ የኦይለርን ወጥመድ የሚረግጡ አሉ። በዩኒቲ የዕቃው አቀማመጥ ውስጥ ውስጡን በኳተርኒየን ነው የሚያዘው፤ `eulerAngles` ሲጠየቅ ግን በዚያች ቅጽበት ከኳተርኒየኑ አስልቶ ሦስት ማዕዘን ይሰጣል። የሚከተለው ኮድ በየፍሬሙ አንድ ዲግሪ እያጎነበሰ ዕቃውን ሙሉ ዙር ያገለባብጠዋል ተብሎ ይጠበቃል።

```
var e = transform.eulerAngles;
e.x += 1f;
transform.eulerAngles = e;
```

እስከ 90 ድረስ በሰላም ይሄዳል። 91 ሲጻፍ ያ አቀማመጥ እውነት ነው፣ ተመልሶ ሲነበብ ግን x 89፣ y 180፣ z 180 ሆኖ ይመጣል፤ ሁለቱ አንድ አቀማመጥ ናቸውና ኢንጂኑ አልዋሸም። ኮዱ በ89 ላይ አንድ ይጨምርና 90 ያደርሰዋል፤ በእውነቱ ግን አፍንጫው ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት ነው። ቀጥሎ ይሻገራል፣ እንደገና ይገለበጣል። በመስኮቱ ላይ የሚታየው ዕቃው ቁልቁል ደርሶ እዚያው ሲንቀጠቀጥ ነው። መድኃኒቱ ከኢንጂኑ ማዕዘን አለማንበብ ነው። ወይ ማዕዘኑን በራስ ተለዋዋጭ ይዞ እርሱን ብቻ መጨመርና በየፍሬሙ ከእርሱ ኳተርኒየን መሥራት፣ ወይ ጭማሪውን ራሱን በኳተርኒየን ማባዛት፤

```
transform.rotation *= Quaternion.AngleAxis(1f, Vector3.right);
```

ማባዛቱ ሲደጋገም የቁጥሮቹ ርዝመት ከ1 በጥቂቱ መራቁ አይቀርም። ለረጅም ጊዜ በሚሠራ ኮድ ውስጥ አልፎ አልፎ ወደ 1 መመለስ ያስፈልጋል፤ በ9 ቁጥር የሚጻፈውን ማትሪክስ ከማቃናት ይህ እጅግ ይቀላል። ሌላው በየፕሮጀክቱ የሚገኝ ነገር የአሁኑን አቀማመጥ መነሻ አድርጎ በየፍሬሙ ስለርፕን መጥራት ነው።

```
r = Quaternion.Slerp(r, target, 10f * Time.deltaTime);
```

ይህ በእኩል ፍጥነት አይሄድም፤ በየፍሬሙ ከቀረው መንገድ አንድ ክፍልፋይ ስለሚወስድ ፈጥኖ ጀምሮ እየዘገየ ይጠጋል። ለካሜራ ደስ የሚል እንቅስቃሴ ስለሚሰጥ ሆን ተብሎ ይሠራበታል። ነገር ግን ውጤቱ በማሽኑ ፍጥነት ይወሰናል። ስልኩ ደክሞ በሰከንድ 10 ፍሬም ብቻ ካሳየ ክፍልፋዩ ልክ 1 ይሆንና ካሜራው ባንዴ ይዘላል። ለዚህ ክፍልፋዩን `1 - Mathf.Exp(-10f * Time.deltaTime)` ማድረግ በሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት እርጋታ ይሰጣል። እኩል ፍጥነት ከተፈለገ ደግሞ `Quaternion.RotateTowards` በዲግሪ ልክ ይራመዳል።

ኳተርኒየን የማይችለው ነገርም አለ። 360 ዲግሪ የዞረና ያልዞረ ዕቃ ለእርሱ አንድ አቀማመጥ ናቸው፤ ስንት ዙር እንደተዞረ አይቆጥርም። 270 ዲግሪ እንዲከፈት የተሠራ በር በስለርፕ ቢሰጠው በአጭሩ መንገድ፣ በተቃራኒው በኩል 90 ዲግሪ ይከፈታል፤ ግድግዳው ውስጥ ገብቶም ሊሆን ይችላል። በአንድ ዘንግ ብቻ ለሚዞር ነገር፣ ለበር፣ ለጎማ፣ ለሰዓት ዘንግ፣ አንድ ተራ ማዕዘን ከኳተርኒየን የተሻለ ነው። እንደ ሰው ዓይን የምታይ የተኩስ ጌም ካሜራም ሁለት ማዕዘን ይበቃታል፤ ማጎንበሱ ከ89 ዲግሪ እንዳያልፍ ስለሚታጠር መቆለፍ የሚባለው ነገር አይደርስባትም። ኳተርኒየን ግድ የሚሆነው ዕቃው በነፃነት ሲገለበጥ፣ ማለትም በአውሮፕላን፣ በመንኮራኩር፣ በተወረወረ ነገርና በአጥንት አኒሜሽን ላይ፣ እንዲሁም ከየትኛውም አቀማመጥ ወደ የትኛውም በለስላሳ መሸጋገር ሲፈለግ ነው።

ሰው ግን በአራት ቁጥር አያስብም። «ሠላሳ ዲግሪ ወደ ግራ አዙረው» ይላል እንጂ «w ን 0.966 አድርገው» አይልም። ለዚህም ነው ኢንስፔክተሩ ላይ እስከ ዛሬ ሦስቱ የኦይለር ማዕዘኖች የሚታዩት። ዲዛይነሩ የሚጽፈው በእነርሱ ነው፤ ኢንጂኑ ወዲያው ወደ ኳተርኒየን ለውጦ ይይዛቸዋል፣ ፕሮግራመሩም ከዚያ በኋላ መልሶ በሦስት ማዕዘን ባያነባቸው ይሻላል።